«ነበር» ባልኩ ቁጥር ሳቁብኝ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሀዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ ነው። ቀን መድኃኒት ቤት እሠራለሁ፤ ማታ ማታ አጫጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ባለፈው ወር በአንድ የንባብ ምሽት ላይ ታሪኬን እንዳነብ ተጋብዤ ሄድኩ። ገና መጀመሪያው ገጽ ላይ ከኋላ የተቀመጡ ልጆች «ነበር» ባልኩ ቁጥር አብረውኝ «ነበር!» ይሉ ጀመር። እሱን ችዬ ስቀጥል ደግሞ የሾላው ዛፍ ጋ ስደርስ አንደበቴ ተሳሰረ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ፤ አቋርጬ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ አልያዝኩም። ጓደኛዬ «ጮክ ብለሽ እያነበብሽ አርሚው» ትለኛለች። ከእናቴና ከሁለት ታናናሽ ወንድሞቼ ጋር በአንድ ክፍል ነው የምንኖረው፤ የራሴን ድምፅ ማሰማት ያሳፍረኛል። ሰው በሌለበት ስሞክረው ደግሞ ምንም ጉድለት አይሰማኝም፣ እንዲያውም ያምረኛል። ምኑን ነው የምሰማው? በሚመጣው ወር ድጋሚ ጠርተውኛል። ልቅር ወይስ ልሂድ? የተሳቀብኝን ክፍል እነሆ፦

«ጠዋት በጊዜ ተነሥታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ ሳፋዋን ይዛ፣ ልጇን አስከትላ ወደ አሞራ ገደል ወረደች። ሐይቁ ፀጥ ብሎ ነበር። ሰማዩ ገና አልነጋም ነበር። የዓሣ አጥማጆቹ የጀልባ የመቅዘፊያ ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ከሾላው ሥር ሣሩ ላይ ሴቶች ተሰብስበው ይሥቁ ነበር። የባሏ ጀልባ ግን አልመጣም ነበር። መጣ ወይ ብላ ልጇን ጠየቀችው። ልጇ ገና አለ።»

ታናሽዎ፣ ከሀዋሳ

*

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ልጆቹ። ሰው ቆሞ ሲያነብ ከኋላ ሆኖ ማላገጥ ነውር ነው። ይህን ሳልል ወደ ሌላው አላልፍም። የሠራሽውን ሰው ፊት ይዘሽ መቆምሽ ቀላል ነገር አልነበረም፤ አቋርጠሽ በወረድሽ ጊዜ የተሰማሽንም እገምታለሁ።

ደብዳቤሽን ስደጋግመው ግን አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። ልጆቹ በሴትየዋ አልሳቁም። ጎህ ሳይቀድ ልጇን አስከትላ የባሏን ጀልባ የምትጠብቅ ሴት ማንን ታስቃለች? የሳቁት በአንዲት ቃል ነው። ጆሯቸው ታሪኩን ትቶ «ነበር»ን ተከተለ። መቼ እንደሚመጣ አስቀድመው ስላወቁት አብረውሽ አሉት። ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ድምፅ አስቀድሞ ካወቀ የሚነገረውን መስማት ያቆማል፤ የዘፈን አዝማች ሲደርስ ሁሉም ተቀብሎ እንደሚዘፍነው ማለት ነው። ስለዚህ ያጋጠመሽ ነገር የታሪክሽ መውደቅ ነው ብለሽ አትቁጠሪው። ጽሑፍሽ ሳታስቢው አዝማች አበጅቶ ተገኘ፣ ያ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ በእርሳስ የሚታረም ነገር ነው።

«ስጽፈው ለምን አላየሁትም?» ትዪ ይሆናል። ዓይን «ነበር»ን አያይማ! እንደ አራት ነጥብ ቆጥሮ ያልፈዋል። በዚያ ላይ የአማርኛ ግስ ቦታው የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው፤ ገጣሚ ቤት የሚመታውም በስንኙ መጨረሻ ነው። አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን በ«ነበር» ዘግተሽ ብትደረድሪ፣ ሳታስቢው አምስት ስንኝ ቤት መታሽ ማለት ነው። ወረቀት ላይ አንቀጽ ይመስላል፣ አዳራሽ ውስጥ ግን ግጥም ሆኖ ይሰማል፤ ያውም ደካማ ግጥም። በረጅም ዓረፍተ ነገር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተሰማ። ያንቺዎቹ ከአራት እስከ ስምንት ቃል ብቻ ስለሆኑ ድምፁ ቶሎ ቶሎ ተመልሶ ይመጣል።

አንደበትሽ የተሳሰረበትን ቦታ ደግሞ እንየው። «ከሾላው ሥር ሣሩ ላይ ሴቶች ተሰብስበው ይሥቁ ነበር።» ይህን ስትጽፊ ዓይንሽ ምንም አልታዘበም፤ ምክንያቱም ፊደላችን ሁለት «ሰ» አለው። «ሥር»፣ «ሣሩ»ና «ይሥቁ» በንጉሡ ሠ ተጽፈዋል፤ «ሴቶች»ና «ተሰብስበው» በእሳቱ ሰ። ለዓይን የተለያዩ ናቸው፣ ለምላስ ግን አንድ ናቸው። ቁጠሪያቸው፦ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ 6 «ሰ» አለ፣ የሾላው «ሾ» ሳይጨመር። ከሁሉም የከፋው «ሥር ሣሩ» ነው። ሰና ረ፣ ሰና ረ። ምላስ ወደ ፊት ሄዶ ወደ ኋላ ተመልሶ ወዲያው ያንኑ መንገድ ድገም ይባላል። የተንተባተብሽው ፈርተሽ ብቻ አይደለም። እኔም ቤቴ ተቀምጬ ሞክሬው ሁለተኛው ላይ ተያዝኩ። በጸሎቱ ጸና በፀሐዩ ፀ፣ በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐና በብዙኃኑ ኀ፣ በአልፋው አና በዓይኑ ዐ መካከልም ያው ነው። በእነዚህ ፊደላት ዓይን ሲታለል ጆሮ አይታለልም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልምጣ። ለብቻሽ ስታነቢው የሚያምርሽ ለምንድን ነው? የጻፍሽው አንቺ ስለሆንሽ የት እንደምትቆሚ፣ የትኛውን ቃል እንደምታነሺ፣ የትኛውን እንደምትጥዪ ታውቂያለሽ። ድምፅሽ ከወረቀቱ ላይ የጎደለውን እየሞላ ይሄዳል። «ነበር» ሲደጋገም አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ፈጠን ታደርጊዋለሽ፣ ድግግሞሹም ይሸፈናል። ታዲያ ጥሩ አንባቢ መሆንሽ ረቂቅሽን ደብቆብሻል። ለእርማት ስታነቢ ድምፅሽን አታሳምሪው። ለበሽተኛ የመድኃኒት አወሳሰድ ስትነግሪ እንዴት ነው የምትናገሪው? «በቀን 2 ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ ሳይቋረጥ።» ልክ በዚያ ድምፅ፣ ሳትፈጥኚ፣ ሳታለቅሺ፣ ሳትስቂ አንብቢው። በዚያ ድርቅ ባለ ድምፅ የሚያምር ዓረፍተ ነገር በራሱ የቆመ ነው። የሚያነክሰውም ወዲያው ይታወቃል።

ቦታውን በተመለከተ፣ ስለ እናትሽና ስለ ወንድሞችሽ ያልሽው ይገባኛል። አንድ ክፍል ውስጥ ሰው ተኝቶ «ሐይቁ ፀጥ ብሎ ነበር» እያሉ መጮህ አይቻልም። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ኢርፎን ጆሮሽ ላይ አድርጊ፣ የስልክሽን ድምፅ መቅጃ ክፈቺ፣ ወረቀቱን ጉልበትሽ ላይ ዘርጊና ፍቅር ሐይቅ ዳር አንዱ መቀመጫ ላይ ተቀመጪ። ዛሬ ኢርፎን አድርጎ ብቻውን የሚያወራ ሰው ማንንም አይገርምም፤ ስልክ የምታወሪ ነው የሚመስላቸው። ማልደሽ ከሄድሽ ከአባ ኮዳ ወፎቹ በቀር የሚሰማሽም አይኖር። ቤት ከሆንሽ ደግሞ በሹክሹክታ አንብቢ። ሹክሹክታ የዓረፍተ ነገሩን መውጣትና መውረድ ያጠፋብሻል፤ «ሰ»ና «ሸ» ግን ጎልተው እንዲፏጩ ያደርጋል። ስለዚህ እንደ ሾላው ዓይነቱን እንቅፋት ለመያዝ እንዲያውም ይሻላል።

ጽሑፉን ከጻፍሽ በኋላ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሪው። ትኩስ ከሆነ የጻፍሽውን ሳይሆን ያሰብሽውን ነው የምታነቢው። ከዚያ ከስልክ ላይ ሳይሆን ከወረቀት ላይ፣ እርሳስ ይዘሽ አንብቢ። ምላስሽ የተያዘበትን ቃል ሥሩን አስምሪ። ትንፋሽ ያጠረሽ ቦታ ላይ አንድ ጭረት አድርጊ። አንድ ድምፅ ተመልሶ የመጣ ከመሰለሽ ክበቢው። ሌላ ምንም አትጻፊ። እዚያው ላርመው ብለሽ ከቆምሽ ምቱን ታጪዋለሽ፤ ጆሮ የሚሰማው በመሄድ ላይ ሳለ ነው። በአንድ ጊዜ ከ3 ወይም ከ4 ገጽ በላይም አትሂጂ። ከዚያ በኋላ ጆሮ ይለምደዋል፣ ጠማማውም ቀና መስሎ መሰማት ይጀምራል። ጨርሰሽ ስታበቂ የቀዳሽውን ክፈቺና ዓይንሽን ከወረቀቱ ላይ አንሥተሽ ስሚው። እያነበብሽ ያላስተዋልሽው አንዳንድ ነገር እዚህ ላይ ብቅ ይላል። የራስን ድምፅ በቅጂ መስማት መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ለብዙ ሰው ከብዷል፣ ሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ላይ ይለመዳል።

ከአንቀጽሽ ጋር አብረን እንሂድ፤ እጅ በእጅ ማሳየት ይሻላል።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ትንፋሼ አላጠረም፤ ጆሮዬ ግን ክብ አስደረገኝ። «ተነሥታ፣ ታጥባ፣ ደርባ፣ ይዛ፣ አስከትላ»። አምስቱም በ«አ» ድምፅ ያልቃሉ። ይህ የቃል ምርጫ ስህተት ስላልሆነ ሌላ ቃል በመፈለግ አይድንም። የዚህ ዓይነቱ ግስ መጨረሻ የባለቤቱ ነው፦ እሷ ከሆነች «ታጥባ፣ ደርባ»፣ እሱ ከሆነ «ታጥቦ፣ ደርቦ»፣ እኔ ከሆንኩ «ታጥቤ፣ ደርቤ»። አንድ ሰው ብዙ ነገር ሲያከታትል በደረደርሽ ቁጥር ቤት መምታቱ አይቀርም። መድኃኒቱ መቀነስ ነው። ራስሽን ጠይቂ፦ ከአምስቱ ውስጥ ለታሪኩ የሚያስፈልገው የትኛው ነው? ፊቷን መታጠቧ አያስፈልገኝም፤ ጠዋት ሁሉም ሰው ፊቱን ይታጠባል። ሳፋው ኋላ ላይ ካልመጣ ይቅር። ነጠላዋ ግን ብርዱን ታሳየኛለች፤ ልጇም ኋላ ይናገራል። መነሣቷን ለብቻው ብንነግር ሁለት ቀሩ። ሁለት ሲሆኑ ጆሮ አይቆጥርም፤ ሦስት ሲሆኑ መቁጠር ይጀምራል።

«የዓሣ አጥማጆቹ የጀልባ የመቅዘፊያ ድምፅ» ላይ ደግሞ ሦስት «የ» ተደርድሯል። እንደ ደረጃ ነው፤ አንባቢው «ድምፅ» እስኪደርስ ድረስ ስለምን እንደሚነገረው አያውቅም። ግን ይህን ሁሉ ባለቤትነት የሚፈልገው ማነው? አሞራ ገደል ላይ በማለዳ መቅዘፊያ የሚይዘው ዓሣ አጥማጅ መሆኑን ሀዋሳ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ መቅዘፊያ ካለም ጀልባ አለ። ከሦስቱ አንዱን ቃል ብቻ ይዘሽ «ድምፅ» በሚለው ስም ፈንታ የሚሰማ ግስ ብትሰጪው፣ «መቅዘፊያ ውኃ ሲመታ» ብትዪ፣ ድምፁ ራሱ ይመጣል።

ወደ «ነበር» እንመለስ። መጀመሪያ ያደረግኩትን እንዳለ ልንገርሽ፣ ስህተቴን ጨምሬ። «ነበር»ን በሙሉ ነቀልኩና እንዲህ አልኩ፦ «ሐይቁ ፀጥ ብሏል። ከሩቅ መቅዘፊያ ውኃ ሲመታ ይሰማል። ከሾላው ጥግ የሴቶች ሣቅ ይፈነዳል።» ወረቀቱ ላይ ደስ አለኝ። ሳነበው ግን ብሏል፣ ይሰማል፣ ይፈነዳል! አንዱን አዝማች አባርሬ ሌላ አዝማች አስገባሁ። የእርማት አደጋው እዚህ ላይ ነው። ያረምሽውን ክፍል እንደገና ጮክ ብለሽ ካላነበብሽው አዲሱ ጥፋት የአሮጌውን ቦታ ይወርሳል። ስለዚህ ከእርማት በኋላ አንቀጹን ብቻ ሳይሆን ከእሱ በፊትና በኋላ ያሉትንም አንቀጾች አብረሽ አንብቢ፤ ያስወጣሽው ድምፅ ጎረቤት ቤት ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ሙከራዬ ይህ ሆነ፦

«ገና ሳይነጋ ተነሣች። ነጠላዋን ደርባ፣ ልጇን አስከትላ ወደ አሞራ ገደል ስትወርድ ሐይቁ ፀጥ እንዳለ ነው። ዓሣ ሊገዙ የመጡ ሴቶች ከሾላው ጥግ ጨዋታ ይዘዋል። መቅዘፊያ ከሩቅ ውኃ ሲመታ ሰማች። የባሏ ጀልባ ግን አልነበረም።

«መጣ?» አለችው ልጇን።

«ገና።»»

አፍሽን ከፍተሽ ሞክሪው። «ተነሣች፣ ነው፣ ይዘዋል፣ ሰማች፣ አልነበረም»። «ነበር» ከአምስት ቦታ ወጥቶ በአንድ ቦታ ብቻ፣ ያውም በአሉታ፣ ሴትየዋን የሚያማት ቦታ ላይ ቀረ። አምስት ጊዜ ሲባል ማንንም ያልነካ ቃል አሁን አንዴ ሲባል ይከብዳል። ይህ የእኔ ጆሮ የሰማው ነው። ያንቺ ጆሮ ሌላ ቢሰማ ያንቺን አምኚ፤ ታሪኩ ያንቺ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳታደርጊ እለምንሻለሁ። የዓረፍተ ነገር መጨረሻ እንዳይመሳሰል ብለሽ ግሱን ወደ መሐል አትጎትቺው። «ወረደች ወደ ሐይቁ፣ ልጇን አስከትላ» ዓይነቱን አንድ ጊዜ ብትጠቀሚበት ያምራል፤ በየመስመሩ ካደረግሽው ግን ጽሑፍሽ ሌላ ዓይነት ግጥም ይሆንብሻል። ንግግር ውስጥማ ይሄዳል፤ እኔም «አለችው ልጇን» ብያለሁ፣ ተረት ነጋሪ አያት እንደዚያ ነው የምትለው።

ድግግሞሽ ሁሉ ጥፋት ነው እንዳትዪም እፈራለሁ። ከላይ «ገና» ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ መጀመሪያው ላይ ተራኪዋ «ገና ሳይነጋ» አለች፣ መጨረሻው ላይ ልጁ «ገና» አለ። እሱንም ከበብኩት። ከዚያ የመጀመሪያውን አውጥቼ «ጎህ ሳይቀድ ተነሣች» ብዬ አነበብኩ። ጎደለብኝ። የልጁ መልስ ድንገት ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሆነ። መለስኩት። የምጠቀምበት መለኪያ ይህ ብቻ ነው፦ አውጥተሽ አንብቢው፣ ካልናፈቀሽ ይውጣ፣ ከናፈቀሽ መልሺው። ሙሾ አውራጅ አንዱን ቃል ደጋግማ የምትጥለው ሌላ ቃል ጠፍቷት አይደለም። እሷ የምትደግመው ፈልጋ ነው፤ የአንቺ «ነበር» ግን ሳትጠሪው የመጣ ነው።

ስለ ትንፋሽ ጥቂት ልበል። ያንቺ ዓረፍተ ነገሮች አጫጭር ስለሆኑ እዚህ አንቀጽ ላይ ችግሩ የለብሽም፤ ሌሎቹ ገጾችሽ ላይ ግን ሊኖር ይችላል። እኔ ይህን የተማርኩት በከባድ ቀን ነው። አክስቴ ሲያርፉ ቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪካቸውን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ሌሊቱን ጻፍኩት፣ ድምፅ አውጥቼ ሳላነበው ጠዋት ሰጠሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የት እንደተወለዱ፣ ማን እንዳሳደጋቸው፣ ማንን እንዳገቡ፣ ስንት ልጅ እንዳፈሩ ሁሉንም «የተወለዱት፣ ያደጉት፣ ያገቡት፣ ያፈሩት» እያለ ደርድሮ ስማቸው መጨረሻ ላይ ነበር የሚመጣው። የሚያነበው የጎረቤት ልጅ መሐል ላይ ትንፋሹ አለቀ። የቆመው «ያገቡት» ላይ ነበር። ሕዝቡ ግራ ገባው፤ ማን ማንን እንዳገባ ሳይታወቅ ዝምታ ሆነ። ልጁ አላጠፋም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አማርኛ ገላጩን ሁሉ ከስሙ በፊት ስለሚያስቀድም አድማጩ ሸክሙን ተሸክሞ ስሙን ይጠብቃል። ከሁለት በላይ «የ—ት» ከተደረደሩ ስሙን አስቀድመሽ ጥሪ፣ የቀረውን በሌላ ዓረፍተ ነገር ንገሪ። «አክስታችን የተወለዱት ይርጋለም ነው» ብሎ መጀመር እንዴት ቀላል ነበር!

የመጨረሻው ንባብ የአንቺ ባይሆን ደስ ይለኛል። ከወንድሞችሽ ደህና የሚያነበው የትኛው ነው? ያረምሽውን ወረቀት ስጪውና ታሪኩን ሳትነግሪው፣ አስቀድሞ በዓይኑ ሳያየው፣ በቀጥታ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። አንቺ ሌላ ቅጂ ይዘሽ ተከታተዪው። ሲሳሳት አታርሚው፣ አትርጂውም። የተመለሰበትን፣ ያመነታበትን፣ በሌላ ቃል የተካበትን ቦታ ምልክት አድርጊ። እሱ ያንቺን ሐሳብ ስለማያውቅ የሚያነበው የተጻፈውን ብቻ ነው፤ አንቺ ለራስሽ ልትሆኚው የማትችዪው አንባቢ እሱ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅሽ ላይ ብታስነብቢው ኖሮ የት እንደሚያመነታ አስቀድሜ እነግርሽ ነበር፦ «ልጇ ገና አለ» ላይ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። «አለ»ን አላልቶ ካነበበው ልጁ ተናገረ፣ «ገና» ብሎ መለሰ ማለት ነው። አጥብቆ ካነበበው ልጁ ዛሬም አለ፣ በሕይወት አለ ማለት ይሆናል። «ገና»ንም ቢያጠብቀው ደግሞ የልደት በዓል ሊመጣ ነው። አንቺ ስታነቢ ይህ ፈጽሞ አይሰማሽም፤ የቱ እንደሆነ ታውቂያለሻ። ለዚህ ነው የልጁን መልስ በጥቅስ ውስጥ አስገብቼ «አለ»ን ያስወጣሁት። «ይሰማ»፣ «ዋና»፣ «ይበላል» ያሉ ቃላትም እንደዚሁ ናቸው፤ ብዙውን ጊዜ ዙሪያቸው ያለው ቃል ያድናቸዋል፣ ዓረፍተ ነገሩ ሦስት ቃል ሲሆን ግን የሚያድናቸው የለም።

ይህ ሁሉ የማይደርስበት ነገርም አለ። ጮክ ብሎ ማንበብ ሴትየዋ ለምን ሌላ ሰው እንዳልጠየቀች፣ ባልየው ለምን እንደዘገየ፣ ታሪኩ በትክክለኛው ቦታ መጀመር አለመጀመሩን አይነግርሽም። ምላስ ላይ ቅቤ ሆኖ የሚወርድ ዓረፍተ ነገር ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። መጀመሪያ ታሪኩን አስተካክይ፣ የሚቆረጠውን ቁረጪ፤ ለጆሮ ማረሙ ከዚያ በኋላ ይምጣ። አለበለዚያ አንድ ሳምንት ያሳመርሽውን አንቀጽ በኋላ ለመጣል እጅሽ እምቢ ይልሻል።

«ልቅር ወይስ ልሂድ?» ላልሽው፣ እኔ ብሄጂ እወዳለሁ። ግን ሙሉውን ታሪክ ይዘሽ አትሂጂ፤ 2 ገጽ ይበቃል። አዘጋጁን ቀደም ብለሽ አነጋግሪውና ባለፈው የሆነውን ሳትሸፍኚ ንገሪው፤ አዳራሹን ጸጥ ማሰኘት የእሱ ሥራ ነው። ወረቀቱን በትልልቅ ፊደል አሳትሚ፣ ትንፋሽ የምትወስጂባቸው ቦታዎች ላይ ያደረግሽው ጭረት እንዳለ ይቆይ። ያነበበልሽን ወንድምሽን ይዘሽ ሂጂና ከፊት አስቀምጪው። የሾላውን ዓረፍተ ነገር ምንም ብታርሚው አሁንም የሚያስፈራሽ ከሆነ ለዚያ ምሽት አውጪው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢቀር ታሪኩ አይፈርስም። በዚያ ሰሞን ልብሽ ጨርሶ እምቢ ካለ ደግሞ የሚቀጥለውን ወር ጠይቂ፤ መጻፉን ግን ዛሬ ማታ ጀምሪ።

አንድ ልመና አለኝ። ከወንድምሽ ንባብ በኋላ ጭረቱና ክቡ ያለበትን ወረቀት፣ ሳትገለብጪው እንዳለ፣ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። የት ቦታ ላይ እንዳመነታ ማየት እፈልጋለሁ።